ቃሉ ያንተ ነው፤ አጥንቱስ የማን ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ ነው። የምዕራፍ ሁለትን ረቂቅ ለአማካሪዬ ሰጥቼ ነበር። ተመሳሳይ ጽሑፍ የሚፈልገው የተርኒቲን ሶፍትዌር ውጤት 6 በመቶ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ እስከ 20 በመቶ ችግር የለውም ይባላል። አማካሪዬ ግን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ይህ ያንተ ክርክር አይደለም፣ የአማርትያ ሰን ነው» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። የኢኮኖሚ ሊቁን የሰንን መጽሐፍ አንብቤ እንደጻፍኩ አልክድም። ግን አንድም ዓረፍተ ነገር አልገለበጥኩም። ሁሉንም በራሴ ቃል ነው የጻፍኩት። ስሙንም ገጽ 14 ላይ ጠቅሼዋለሁ። በዚያ ላይ ሐሳብ የማንም ንብረት አይደለም ሲባል ነው የምሰማው። ምዕራፍ አራት ላይ ደግሞ ከአስፋልቱ ርቆ ባለው በእናቴ አገር ከ11 አዛውንት ጋር ያደረግኩት ቃለ መጠይቅ አለ፤ እሱ ሙሉ በሙሉ የራሴ ነው። ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የምዕራፍ ሁለትን ዘጠኝ አንቀጾች ዝርዝር አያይዣለሁ። እውነት ሌባ ነኝ? ከሆንኩስ እንዴት ላስተካክለው?

መልስ

ወንድሜ፣ ሌባ ነህ ብዬ አልፈርድብህም። ዝርዝሩን አያይዞ የሚልክ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም። አማካሪህ የጻፉት ግን ልክ ነው። የላክልኝን ዘጠኝ አንቀጾች ከሰን መጽሐፍ ምዕራፍ ሰባት ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። ከሦስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ሰባት አንቀጾች የእሱን መንገድ ይዘው ነው የሚሄዱት። ገጽ 14 ላይ ያለው ስም ደግሞ ያንን ሁሉ መሸከም አይችልም።

መጀመሪያ ስለዚያ 6 በመቶ። ተርኒቲን የሚያደርገው ያንተን የቃላት ሰንሰለት ካከማቻቸው ጽሑፎች ጋር ማመሳከር ነው። ተከታትለው የመጡ ተመሳሳይ ቃላት ካገኘ ያቀልማል። ቃሉን ከቀየርክ አያይም። አንተ ደግሞ ቃሉን ቀይረሃል። ሠሪዎቹ ራሳቸው መሣሪያው ተመሳሳይነትን እንጂ ስርቆትን እንደማይለካ ይናገራሉ። ስለዚህ 6 በመቶው የሚመሰክርልህ ዓረፍተ ነገር አለመገልበጥህን ብቻ ነው። አማካሪህ የጠየቁህ ግን ሌላ ነገር ነው። እሳቸው የጠየቁት ክርክሩን ማን አሰበው ብለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

ከሰን በፊት ስለ ረሃብ የሚነገረው ታሪክ አጭር ነበር። ዝናብ ቀረ፣ ሰብል ጠፋ፣ እህል አነሰ፣ ሰው ተራበ። ሰን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሰንሰለት መሐሉ ላይ በጠሰው። ስለ ወሎ ሲጽፍ መጀመሪያ የጠየቀው በአገር አቀፍ ደረጃ በዚያ ዓመት የተመረተው ምግብ ስንት ነው ብሎ ነው። ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ጉልህ መቀነስ አላገኘም። እሺ፣ አገሪቱ ላይ እህል ካለ ወሎ ውስጥስ? ወሎ ውስጥ ምርት በእርግጥ ወድቋል፤ ይህን አልካደም። ታዲያ ከሌላ ቦታ ለምን አልገባም? መንገድ ስላልነበረ ነው ይባላል። ግን ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄደው አውራ ጎዳና በወሎ መሐል ነው የሚያልፈው። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር የሚያሳዩ ዘገባዎችን ጠቀሰ። ቀጥሎ የደሴ ገበያን ዋጋ አየ። ከዚያ እነማን ናቸው የተራቡት፣ ሥራቸውስ ምን ነበር ብሎ ጠየቀ። ከብት በእህል ሲለወጥ የከብቱ ዋጋ እንዴት እንደወደቀ አሳየ። መጨረሻ ላይ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ሰው የተራበው ምግብ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን ምግቡ ላይ የሚያደርሰው አቅምና መብት ስለጠፋበት ነው የሚል ነው።

አየህ፣ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ በር ይዘጋል። አገሪቱ እህል አጥታ ነው የሚለው በር ተዘጋ። መንገድ ጠፍቶ ነው የሚለው ተዘጋ። የቀረው አንድ በር ብቻ ሲሆን አንባቢው በዚያ ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሰን የቤንጋልን፣ የሳህልንና የባንግላዴሽን ረሃብ በዚያው መጽሐፍ ሲመረምር ያነሳው ጥያቄ ከዚህ ጋር አንድ ዘር ነው። ሥራው ቁጥሮቹን መሰብሰብ ብቻ አልነበረም። ቁጥሮቹ ብዙዎቹ የሌሎች ሰዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የእሱ ግኝት ጥያቄዎቹን በዚያ ተራ መደርደሩ ነው።

የደሴውን ዋጋ ለብቻው እንየው፤ ያንተ ስድስተኛ አንቀጽ ነው። አንድ አካባቢ እህል ካጣ ዋጋ ይሰቀላል ብሎ ነው ሰው የሚጠብቀው። ሰን ያየው ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ሌላ ሰው ይህን ቢያይ «እንግዲያው ረሃቡ ያን ያህል አልከፋም» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ሊል ይችላል። ሰን ያለው ሌላ ነው። ዋጋው ያልናረው ገዢው ኪስ ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረ ነው አለ። የሚገዛ ከሌለ ዋጋን ወደ ላይ የሚገፋ የለም። ዋጋ ካልተገፋ ነጋዴ እህል ጭኖ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ከአንድ ጸጥ ያለ የዋጋ ሠንጠረዥ የሰው ባዶ ኪስ ማንበብ ይሉሃል ይሄ ነው። ያ ዝላይ የእሱ ነው። አንተ አንቀጽህ ውስጥ ያንኑ ዝላይ ዘልለሃል። የሰጠኸው ማስረጃ ደግሞ የዋጋው ሠንጠረዥ የወጣበት ሪፖርት ነው። ስለዚህ አንባቢህ ሠንጠረዡን አይተህ ራስህ የደረስክበት ይመስለዋል። አማካሪህን ያስቆጣው ይህ ይመስለኛል።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የቅኔ መንገድ የጋራ ነው። ሰምና ወርቅም ሆነ ኅብር ማንም ይሄድበታል፤ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ምሥጢሩ ግን የባለቅኔው ነው። ተማሪ የሌላውን ምሥጢር ወስዶ ቃሉን ለዋውጦ ቢቀኝ መምህሩ ይይዘዋል። ቃሉን አይደለም የሚይዘው፣ ምሥጢሩን ነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር የሆነ ሰው ነው ማለት ነው? አይደለም። በዚህ ተሸብረህ እያንዳንዱ መስመር ላይ ስም እንድትደረድር አልፈልግም። አንደኛውና ሁለተኛው አንቀጽህ ላይ ምንም ችግር የለም። ድርቅ መኖሩ፣ መንግሥት ረሃቡን ለመሸፈን መሞከሩ፣ ነገሩ ከአብዮቱ በፊት ባሉት ወራት መውጣቱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው። ታሪክን በጊዜ ቅደም ተከተል መጻፍም የማንም አይደለም። ከመግቢያ ወደ ዘዴ፣ ከዘዴ ወደ ውጤት መሄድም እንዲሁ። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ሳያነብ፣ ጉዳዩን ብቻ ይዘው ቢቀመጡ እዚሁ ተራ ላይ ይደርሳሉ ወይ? የጊዜ ቅደም ተከተል ላይ በእርግጥ ይደርሳሉ። ከአገር አቀፍ ምርት ተነስቶ፣ በመንገድ በኩል አልፎ፣ በደሴ ዋጋ ታጥፎ፣ በበግና በእህል ልውውጥ በኩል መውጣት ላይ ግን አይደርሱም። እዚያ የደረስከው ሰው መርቶህ ነው።

ይህን ለማየት ቀላል መንገድ አለ። ዛሬ ማታ አድርገው። አንድ ወረቀት መሐሉን በመስመር ክፈል። በግራ በኩል የራስህን አንቀጾች እያንዳንዳቸውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ስለ ምን እንደሚያወራ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ ጻፍ። «ስለ መንገድ» ብትል ምንም አይነግርህም። «መንገድ ጠፍቶ ነው የሚለውን ምክንያት ይጥላል» በል። በቀኝ በኩል የሰንን ክፍሎች እንዲሁ አድርግ። መጽሐፉን ዘግተህ ከትዝታ እንዳትሠራው፤ ከፍተህ ሥራው። ከዚያ ሦስት ነገር ተመልከት። ተራው ይገጥማል? መታጠፊያዎቹ ይገጥማሉ? ማለትም «ይህ ከሆነ ለምን ያ ሆነ?» የሚሉት ቦታዎች። ሦስተኛው፣ መልስ የሰጠህባቸው ተቃውሞዎች እሱ መልስ የሰጠባቸው ናቸው? ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ሦስተኛው ነው። ሰው የራሱን ክርክር ሲሠራ የሚፈራው ተቃውሞ የራሱ ነው የሚሆነው። የአንተ አምስተኛ አንቀጽ «የመንገድ ችግር ነው የሚሉ አሉ» ብሎ ይጀምርና ማን እንዳለ አይናገርም። ያን ተቃውሞ ያነሳው ሰን ነው። የመለሰውም እሱ ነው። አንተ ጥያቄውንም መልሱንም ይዘህ መጣህ።

አሁን ገጽ 14ን እንክፈተው። እዚያ የጻፍከው የሰንን የቃል ትርጓሜ ነው፣ ኢንታይትልመንት የሚለው፣ ያ ምግብ ላይ የሚያደርስ አቅምና መብት፣ ምን ማለት እንደሆነ። ትርጓሜው ላይ ስሙ አለ። ከዚያ በኋላ ለ11 ገጽ ስሙ የለም። ይህ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ያየሁት ነው። ሰው ሆን ብሎ አያደርገውም። አንድ ጊዜ ጠቅሼዋለሁ፣ ዕዳዬን ከፍያለሁ ብሎ ያስባል። አንባቢ ግን ማጣቀሻን የሚረዳው ለቀረበበት ነገር ብቻ ነው። ትርጓሜው ላይ ያለ ስም ትርጓሜው የሱ ነው ይላል። በዝምታ ደግሞ የቀረው ያንተ ነው ይላል። ስለዚህ ጭራሽ ካልጠቀስከው ይልቅ አንዳንዴ ይህኛው ያሳስታል። አንባቢው «ልጁ ከሰን ቃል ተውሶ ወሎን ራሱ መረመረ» ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛ ነገር አለ፤ አንተ ባትጠይቀኝም። በዝርዝርህ ላይ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው አንቀጽ ሥር የጠቀስካቸው የቆዩ ሪፖርቶች አሉ። የምርት ግምት፣ የገበያ ዋጋ፣ የመጠለያ ጣቢያ ጥናት። እነዚህን በእጅህ ይዘህ አንብበሃቸዋል? ወይስ ከሰን የግርጌ ማስታወሻ ነው ያገኘሃቸው? የሁለተኛው ከሆነ አንባቢህን ያላየኸውን አየሁ እያልከው ነው።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ሴሚናር ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የአንድ የመዝገብ ቤት ፋይል ቁጥር ከሌላ ሰው ጽሑፍ ግርጌ ገልብጬ እንደራሴ አስገባሁት። መምህሬ ጽሑፉን ሲመልሱልኝ የፋይሉን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ከበውት ነበር። «ይህን ፋይል የት አየሽው?» አሉኝ። መዝገብ ቤት አልኳቸው። እሳቸው ያን ፋይል በእጃቸው አገላብጠውት ኖሯል። እኔ የጠቀስኩት ደብዳቤ እዚያ ውስጥ የለም። መጀመሪያ የጻፈው ሰው ቁጥሩን አሳስቶት ነበር። ስህተቱን አብሬ ተሸክሜ መጣሁ። ያኔ ፊቴ እንዴት እንደጋለ አሁንም ይሰማኛል።

እኔ ብቻ አይደለሁም ደግሞ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሲምኪንና ሮይቾውድሪ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ተከታትለውታል። ወደ 4,300 ጊዜ የተጠቀሰ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ወሰዱ። ሰዎች ሲጠቅሱት የሠሩትን የቁጥር ስህተት ቆጠሩ። 196 ጠቃሾች ተሳስተው ነበር። ከእነዚያ ውስጥ 78ቱ የተሳሳቱት በትክክል አንድ ዓይነት ስህተት ነው። 78 ሰው ለየብቻው አንድ ቁጥር ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሳሳትም። አንዱ ከሌላው ማጣቀሻ እየገለበጠ ነው። ፈታኝ የሚይዝህም እንዲሁ ነው። የሰን ግርጌ ላይ ያለ የስም አጻጻፍ፣ የዓመት ልዩነት፣ ተራው ሳይቀር ያንተ ግርጌ ላይ ሲደገም ያያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሪፖርቱን ካገኘኸው አንብበው፤ ያኔ ያንተ ነው። ካላገኘኸው «በሰን (1981) እንደተጠቀሰው» በል። ይህ ውርደት አይደለም። አንባቢው ቁጥሩ በማን እጅ እንዳለፈ ያውቃል፤ ሊያጣራ ቢፈልግም የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሐሳብ የማንም ንብረት አይደለም ያልከው ደግሞ ከሕግ አንጻር እውነት አለው። የእኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ እንጂ። ሌሎች አገሮችም ያው ናቸው። ሰን ወይም አሳታሚው በዚህ ፍርድ ቤት አይከስህም። ግን አንተ የቆምከው ፍርድ ቤት ፊት አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 (እ.ኤ.አ.) ለምርምር ባወጣው ትርጓሜ ስርቆት የሚባለው የሌላውን ሐሳብ፣ ሂደት፣ ውጤት ወይም ቃል ተገቢውን ዕውቅና ሳይሰጡ መውሰድ ነው። ሐሳብ መጀመሪያ፣ ቃል መጨረሻ ነው የተጻፈው። የራስህ ዩኒቨርሲቲ ደንብ ምን እንደሚል ደግሞ ዛሬውኑ አንብብ። በተለይ ሳያውቁ ማድረግን እንዴት እንደሚያይ ፈልግ፤ ብዙ ቦታ «አላወቅኩም» ቅጣት ያቀላል እንጂ ጥፋቱን አያጠፋም።

እንዴት ታስተካክለዋለህ? ብዙ ተማሪ እንዲህ ሲባል የሚያደርገው በየአንቀጹ መጨረሻ «(ሰን፣ 1981)» ብሎ መለጠፍ ነው። ያንን አታድርግ። ቅንፍ የመረጃ ምንጭ ነው የሚናገረው፣ የክርክር ባለቤት አይናገርም። ከአንቀጹ ጫፍ ላይ የተለጠፈ ቅንፍ «ይህን ቁጥር ከዚያ አገኘሁት» ይመስላል። አንተ ያገኘኸው ቁጥር ሳይሆን መንገድ ነው። መንገድን በዓረፍተ ነገር ነው የምታመሰግነው።

የምዕራፉ መግቢያ ላይ ይህን የመሰለ ነገር አስገባ። «ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ሰን (1981፣ ምዕራፍ 7) ስለ ወሎ ያቀረበውን የክርክር ቅደም ተከተል ነው፤ ከአገር አቀፍ ምርት ተነስቶ በመጓጓዣና በዋጋ በኩል አልፎ የተራቡት እነማን እንደሆኑ ይጠይቃል።» በቃ፤ ሁለት መስመር ነው። ግን እዚያ አትቁም። በየመታጠፊያው ደግሞ ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት ሆኖ ይግባ። ስድስተኛው አንቀጽህን እንውሰድ። አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ «በደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልጨመረም። ይህም ሕዝቡ የመግዛት አቅም እንዳልነበረው ያሳያል።» እንዲህ አድርገው፦ «ሰን በደሴ ዋጋ ያን ያህል አለመናሩን አይቶ፣ ምክንያቱ የሕዝቡ የመግዛት አቅም መውደቁ ነው ሲል ይከራከራል።» ልዩነቱ «ያሳያል» እና «ይከራከራል» ላይ ነው። መጀመሪያ ዋጋው ራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። አሁን የሚናገር ሰው አለ። የሚናገር ሰው ካለ ደግሞ ልትጠይቀው ትችላለህ።

ይህን ስታደርግ የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል፤ አስቀድሜ ልንገርህ። ሰባቱ አንቀጾች የሰን መሆናቸው ሲታይ ምዕራፉ የተራቆተ ይመስልሃል። «ታዲያ የኔ ምን ቀረ?» ትላለህ። ያንተማ እየጮኸ ነው፤ አንተ ራስህ ደብዳቤህ ላይ ጽፈኸዋል። ከአስፋልት የራቀ አገር፣ 11 አዛውንት።

ሰን ያየው የደሴን ዋጋ ነው። ደሴ በአውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። የእናትህ አገር ገበያ ግን ከአስፋልቱ ርቆ ነው። እዚያ ዋጋው እንደ ደሴ ጸጥ ብሎ ነበር ወይ? እህል በአህያ ከሚደርስበት ቦታ ላይ ያው ክርክር ይሠራል ወይ? ይህ የሰን ጥያቄ አይደለም፣ ያንተ ነው። ስቲቨን ዴቨሩ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የሰንን የወሎ ንባብ እንደገና መርምሮ የምርት መውደቁ ሚና ከሚገባው በላይ ዝቅ ተደርጓል ብሎ ተከራክሯል። እሱንም አንብበው። ያኔ ምዕራፍ ሁለትህ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ክርክር ይሆናል፤ ምዕራፍ አራትህ ደግሞ ከአንድ ትንሽ ገበያ የመጣ ምስክር ይሆናል።

አደራ፣ አቅሙን ግን አታጋንን። 11 አዛውንት ሰንን አይጥሉም። ከ50 ዓመት በኋላ ሰው የብር ዋጋ በትክክል አያስታውስም፤ የብሩ አቅም ራሱ ተቀያይሯል። ልውውጥ ግን ያስታውሳል። «ጤፍ ስንት ነበር?» ብለህ ከጠየቅክ የምታገኘው ቁጥር ለማመን ያስቸግራል። «አንድ በግ ሸጣችሁ ስንት ቁና ገብስ ገዛችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ደህና ዓመትስ?» ብትል ሰውዬው ቁናውን በእጁ እያሳየ ይነግርሃል። ቅጂህን መልሰህ አዳምጥ። ስለ በሬና በግ ሽያጭ የነገሩህ ካለ ያ ወርቅ ነው። ከሌለ በስልክ መልሰህ ጠይቃቸው፤ ሦስት ሳምንት ይበቃል።

አማካሪህ ጋ ስትሄድ 6 በመቶውን ይዘህ አትግባ። ክርክር ይከፍታል፤ አንተም ትሸነፋለህ። ያንን በመሐል የተከፈለ ወረቀት ይዘህ ግባ። በግራ ያንተ፣ በቀኝ የሰን። «ጋሼ፣ ከዘጠኙ ሰባቱ የሱ መሆናቸውን አይቻለሁ፤ እንዲህ ነው የማስተካክለው» በላቸው። የመግቢያውን ሁለት መስመርና አዲሱን ስድስተኛ አንቀጽ አሳያቸው። ጉዳዩን ገና ወደ ኮሚቴ ካልወሰዱት፣ ጠርዝ ላይ ጽፈው የመለሱልህ እንድታርመው ፈልገው ይመስለኛል። ወስደውት ከሆነም ያው ወረቀት ነው የሚጠቅምህ፤ ምን እንደወሰድክና ከየት እንደወሰድክ ያለ ጭማሪ ያሳያልና።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለዚህ ወረቀትና ለደንቡ ስጥ። ከዚያ ባለው ሳምንት ከሰን ግርጌ ያመጣሃቸውን ሪፖርቶች ቤተ መጻሕፍት ፈልግ፤ ያላገኘኸውን «በሰን እንደተጠቀሰው» እያልክ አስተካክል። በቀረው ጊዜ ምዕራፍ አራትን ክፈት። የበጉን ነገር የነገሩህን አዛውንት ቃል ከመሐል አውጥተህ ምዕራፉ መጀመሪያ ላይ አምጣው።